ብድሩ ሳይነካ ትርፉን ኢንሹራንስ ማስወጣት፦ ከአይሱዙ ብድሬ የተማርኩት

ባንኩ በጻፈልኝ የማጽደቂያ ደብዳቤ ላይ ወርሃዊ ክፍያዬ 43,282 ብር ነው። ከሂሳቤ የተቆረጠው ግን 44,321 ብር ነበር። ልዩነቱ 1,039 ብር ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው "የአገልግሎት ምናምን ይሆናል" ብሎ ያልፈዋል። የወር ክፍያ ግን ከአገልግሎት ክፍያ ጋር አይደባለቅም። ወለዱ ካልተቀየረና ዘመኑ ካላጠረ፣ ክፍያው ከደብዳቤው በላይ የሚሆነው ዋናው ብድር ራሱ ካደገ ብቻ ነው። የእኔም ያደገው በዚሁ መንገድ ነው፤ "ፓኬጅ" የሚባለው ነገር ውስጥ የነበረ የኢንሹራንስ ዓረቦን ሳይነገረኝ በብድሩ ላይ ተጨምሮ ነበር።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ድሬዳዋ አትክልት አከፋፍላለሁ፤ ሽንኩርትና ድንች ከሐረማያና ከኮምቦልቻ በኩል አስመጣለሁ። በየጊዜው መኪና ከመከራየት ብዬ ያገለገለ አይሱዙ ለመግዛት 1,500,000 ብር በ17 በመቶ ወለድ ለአራት ዓመት ተበደርኩ። ዋና ተበዳሪዋ እኔ ነኝ። ሐረር የሚኖረው ወንድሜ ገቢው ከእኔ ጋር እንዲደመር ብሎ አብሮ ተበዳሪ ሆኖ ፈረመ። የባንኩንም የኢንሹራንሱንም ስም አልጽፍም፤ የሚጠቅማችሁ አሠራሩን ማወቁ ነው።

ቅርንጫፉ ሄጄ ልዩነቱን ስጠይቅ የብድር ኦፊሰሩ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ "እህቴ፣ ፓኬጅ እኮ ነው፤ ኢንሹራንሱም፣ ካርዱም፣ ሜሴጁም ሁሉም አብሮ ነው" አለኝ። አንዱን ብቻ ማስወጣት ይቻላል ወይ ስለው "ከወጣ ሁሉም ይወጣል፤ ያለዚያ ብድሩ ይበላሻል" አለ። ልጁ የዋሸኝ አይመስለኝም። ሲስተሙ ላይ በአንድ ስም ስለሚያየው አንድ ነገር ነው ብሎ ያምናል። እውነቱ ግን ፓኬጅ የሽያጭ ስም እንጂ ውል አለመሆኑ ነው። በስሙ ስር የተለያዩ ውሎች አሉ፤ አንዳንዱ ከባንኩ ጋር፣ አንዳንዱ ከኢንሹራንሱ ጋር የተፈረመ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ፎርም ላይ የተደረገች ራይት ብቻ ናት።

ስለዚህ ክርክሩን ትቼ ወረቀት ጠየቅኩ። የጠየቅኩት የብድር ውሉን ኮፒ፣ ብድሩ የተለቀቀበትን ዴቢት አድቫይስ ማለትም ገንዘቡ ወጥቶ ለማን እንደሄደ የሚያሳየውን ወረቀት፣ የክፍያ ሰንጠረዡን (ስኬጁል የሚሉትን)፣ እንዲሁም የኢንሹራንስ ፖሊሲዎቹን ከነሰንጠረዣቸው ነው። ስኬጁሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ መልሱ ተቀምጧል፤ መነሻ ዋና ብድር 1,536,000። ከውሉ 36,000 ብር ይበልጣል። ዴቢት አድቫይሱ ደግሞ ያ 36,000 ብር "የብድር ሕይወት ዋስትና ዓረቦን" ተብሎ ለኢንሹራንሱ እንደተላለፈ ያሳያል። ይህን ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ማየት የማንንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘቡ የሚያመልጠው እዚህ ጋ ነው። ዓረቦኑን በጥሬ ገንዘብ ብከፍል ኖሮ 36,000 ከፍዬ ይቆማል። በብድሩ ላይ ሲጨመር ግን እሱም 17 በመቶ ወለድ ይወልዳል። በወር 1,039 ብር ለ48 ወራት ሲባዛ 49,872 ብር ይሆናል። 36,000 የተባለው ነገር 50,000 ገደማ ያስከፍለኛል ማለት ነው። ይህ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ ተጽፎ አታገኙትም፤ ወርሃዊውን በወራቱ ስታባዙት ብቻ ነው የሚታየው። ባንክ ያለባችሁ ብድር ካለ ዛሬውኑ ማየት የምትችሉት አንድ ነገር ቢኖር የስኬጁሉ መነሻ ብድርና የውሉ ብድር እኩል መሆናቸውን ነው።

ቀጥሎ ያደረግኩት እያንዳንዱ ነገር በየትኛው ወረቀት እንደታሰረ መፈለግ ነው። የብድር ውሉ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው መኪናው ብድሩ እስኪያልቅ ድረስ ሙሉ ዋስትና (ኮምፕሬሄንሲቭ) እንዲኖረው፣ በፖሊሲውም ላይ የባንኩ ጥቅም እንዲመዘገብ ይላል። ሁለተኛው "የዋናው ተበዳሪ ሕይወት" በብድሩ መጠን ዋስትና እንዲገባ ይላል። ሌላ ምንም የለም። የመኪናው የሦስተኛ ወገን ዋስትና ከባንኩ ፍላጎት ጋር አይያያዝም፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፣ ያለ እሱ መኪናው መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፣ ቦሎም አይታሰብም።

ፓኬጁ ውስጥ የነበረው ግን ከዚህ ይበልጣል። የሕይወት ዋስትናው ሁለት ነበር፤ አንዱ በእኔ ስም 18,000፣ አንዱ በወንድሜ ስም 18,000። ሁለቱም እያንዳንዳቸው ሙሉውን ብድር ይሸፍናሉ። የመኪናው ፖሊሲ ላይ ደግሞ የሎው ካርድ በዓመት 7,200 ብር ተጨምሯል። የሎው ካርድ ማለት የኮሜሳ አገሮች የሚቀባበሉት የሦስተኛ ወገን ዋስትና ነው፤ መኪናው ከኢትዮጵያ ወጥቶ ለምሳሌ ጅቡቲ ውስጥ ሰው ወይም ንብረት ቢጎዳ የሚሠራ ነው። በደወሌ በኩል ለሚመላለስ ሰው ዓይኑ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የጭነት መኪና ሲባል ሁሉም ጅቡቲ የሚሄድ ስለሚመስል ሳይጠይቁ ይጨምሩታል። የእኔ አይሱዙ ግን ከደንገጎ ማዶ ሽንኩርት ጭና ትመለሳለች እንጂ ጅቡቲን በሩቁም አታውቃት።

የወንድሜ የሕይወት ዋስትና ለምን ትርፍ እንደሆነ ላስረዳ፤ ይሄ ለባልና ሚስትም ለሸሪኮችም የሚደርስ ነገር ነው። የብድር ሕይወት ዋስትና ዋስትና የገባው ሰው ሲሞት የቀረውን ብድር ለባንኩ ይከፍላል። ዋና ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ እኔ ባልኖር ዕዳው በወንድሜና በልጆቼ ላይ እንዳይወድቅ የእኔ ዋስትና መኖሩ ትርጉም አለው። ወንድሜ ግን በመኪናው አይሠራም፤ አላህ ዕድሜ ይስጠውና እሱ ባይኖር ክፍያውን የምከፍለው ያው እኔው ነኝ። ውሉም የሚለው የዋናውን ተበዳሪ ነው። ሁለታችሁም ገቢ የምታመጡ፣ በሁለታችሁም ደመወዝ የሚከፈል የቤት ብድር ቢሆን ግን ሁለቱንም ባታወጡ እመርጣለሁ፤ ሒሳቡ የተለየ ነው።

እንግዲህ የማስወጣቱ ነገር። እዚህ ብዙ ሰው የሚሰናከልባት አንድ አነጋገር አለች፤ "ኢንሹራንሱን አልፈልግም"። እንዲህ ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሚሰጣችሁ ፎርም የስረዛ ፎርም ነው። ፖሊሲው ከተሰረዘ የባንኩ ጥቅም የተመዘገበበት ወረቀት አብሮ ይጠፋል፤ ኢንሹራንሱም ለባንኩ ያሳውቃል። ባንኩ በውሉ መሠረት ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፤ እሱ በመረጠው ዋጋ ኢንሹራንስ ገዝቶ ከሂሳባችሁ መቁረጥ፣ ወይም ውል ተጥሷል ብሎ ብድሩን ሙሉ በሙሉ መጠየቅ። ኦፊሰሩ "ብድሩ ይበላሻል" ያለኝ ይሄን ነው፤ በዚህ መንገድ ከሄዱ ልክ ነበር።

መጠየቅ ያለበት ኢንዶርስመንት ነው። ይህ በነባሩ ፖሊሲ ላይ የሚጣበቅ ማሻሻያ ነው፤ የፖሊሲው ቁጥር፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የባንኩ ስም ሳይነካ አንዱ ሽፋን ብቻ ይቀነሳል። ኢንሹራንሶች በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ነው፤ መኪናው ታርጋ ሲቀይር፣ ሞተር ሲቀየር የሚጻፈው እሱው ነው። ስለዚህ "አይቻልም" የሚባል ነገር አይደለም። ሆኖም ፖሊሲው ላይ የባንክ ጥቅም ስላለ ኢንሹራንሱ ያለ ባንኩ ፈቃድ አይነካውም። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ መጀመሪያ ከባንኩ የ"ተቃውሞ የለንም" ደብዳቤ፣ ከዚያ ኢንሹራንሱ ጋ ነው። እኔ መጀመሪያ ኢንሹራንስ ብሄድ ወደ ባንክ እንደሚመልሱኝ የነገረኝ ከዚራ የሚሠራ የኢንሹራንስ ወኪል ነበር፤ ባለውለታዬ ነው።

ለባንኩ የጻፍኩት ደብዳቤ አጭር ነው፤ ፍሬ ነገሩ ይኸውላችሁ፦

"በብድር ውሉ የኢንሹራንስ አንቀጽ መሠረት የመኪናው ሙሉ ዋስትናና የዋናዋ ተበዳሪ የሕይወት ዋስትና ሳይነኩ እንዲቀጥሉ፣ በውሉ ያልተጠየቁት (1) የአብሮ ተበዳሪው የሕይወት ዋስትና እና (2) የሎው ካርድ ብቻ በኢንዶርስመንት እንዲቀነሱ ባንኩ ተቃውሞ እንደሌለው ለኢንሹራንሱ እንዲጻፍልኝ፤ ተመላሽ የሚሆነውም ዓረቦን በዋናው ብድር ላይ ገቢ ተደርጎ አዲስ የክፍያ ሰንጠረዥ እንዲሠራልኝ እጠይቃለሁ።"

የአንቀጹን ቁጥር ከውላችሁ አይታችሁ ጨምሩበት። የሚቀረውን ከሚወጣው በፊት መጻፌ ሆን ብዬ ነው። ደብዳቤው የሚደርሰው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው "መያዣዬ ተጋለጠ ወይ" የሚለውን ስለሆነ ያንን መጀመሪያ ካበረዳችሁለት ቀሪው የቢሮ ሥራ ነው። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ በአንዱ ላይ "ደርሷል" የሚል ማኅተምና ቀን አስደርጋችሁ ይዛችሁት ውጡ። ድሬዳዋ ላይ ይህን በጠዋት ማድረግ ነው፤ ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ማኅተም ያዡን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የወንድሜን ዋስትና ለማስወጣት የእኔ ፊርማ አልበቃም። ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ብሆንም ዋስትና የገባው የእሱ ሕይወት ነው፤ ስለዚህ እሱ ራሱ መታወቂያውን ይዞ ከሐረር ወርዶ ፈረመ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ አንዳችሁ ብቻ ሄዳችሁ አትድከሙ።

ወረቀቱ ሲዞር ከርሞ ነገሩ የተቋጨው አምስተኛው ክፍያ ከተቆረጠ በኋላ ነው። የተመላሹን ነገር በደንብ ተመልከቱት። እኔ የጠበቅኩት ከ48 ወር 43 ስለቀረ ከ18,000 ብሩ 16,125 ይመለሳል ብዬ ነው። የተመለሰው 14,480 ነው። ተጭበርብሬ ይሆን ብዬ አሠራሩን ጠየቅኩ፤ ሲያሳዩኝ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። የብድር ሕይወት ዋስትና ሽፋኑ ከብድሩ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ላይ ሚሊዮን ተኩል ሸፍኖ መጨረሻ ላይ አርባ ሺህ ነው የሚሸፍነው። ስለዚህ የዓረቦኑ ትልቁ ድርሻ የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሒሳቡም እንዲህ ነው፤ ከ1 እስከ 48 ያሉትን ቁጥሮች ስትደምሩ 1,176 ይመጣል፣ ከ1 እስከ 43 ያሉትን ስትደምሩ 946። 946ን ለ1,176 አካፍላችሁ በ18,000 ስታባዙት 14,480 ነው። ሁሉም ኢንሹራንስ በዚህ ላይሠራ ይችላል፤ አንዳንዱ የሥራ ማስኬጃ ወጪም ይቀንሳል። ዋናው ነገር ጊዜው ነው፤ በዚሁ ሒሳብ ሁለት ዓመት ቆይቼ ቢሆን የሚመለሰው ግማሹ ሳይሆን 4,592 ብር ገደማ ብቻ ነበር።

ከዚያ የመጨረሻዋ ወጥመድ መጣች። 14,480 ብሩ ቁጠባ ሂሳቤ ላይ ገባ፤ ሜሴጅ ደረሰኝ፣ ሁሉም ሰው "እንኳን ደስ አለሽ" አለኝ። ስኬጁሉ ላይ የሚቀጥለው ወር ክፍያ ግን ያው 44,321 ነው። ዋስትናው ወጥቷል፣ ዋጋው ግን ብድሩ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ቁጠባው 7 በመቶ ይከፍለኛል፣ ብድሩ 17 በመቶ ያስከፍለኛል፤ ገንዘቡ ያለቦታው ነው የተቀመጠው። ደብዳቤዬ ላይ ያለችውን "በዋናው ብድር ላይ ገቢ ተደርጎ" የምትል ሐረግ አሳይቼ እንዲያዛውሩልኝ አደረግኩ።

ይህን ስታደርጉ ባንኩ ሁለት ምርጫ አለው፤ ክፍያውን እንዳለ ትቶ ዘመኑን ማሳጠር፣ ወይም ዘመኑን ትቶ ክፍያውን መቀነስ። ዘመኑ ቢያጥር በአጠቃላይ ወለድ ትንሽ ትቆጥባላችሁ። እኔ ግን ክረምት ላይ መንገዱም ገበያውም ስለሚያስቸግረኝ ወርሃዊው እንዲቀንስ መረጥኩ። በአምስተኛው ክፍያ ጊዜ በተሠራ ስሌት በወር 452 ብር ቀነሰ፤ አዲሱ ክፍያ 43,869 ሆነ። በ43 ወር ሲባዛ 19,436 ብር ነው። በዋናው ብድር ላይ ለሚገባ ተጨማሪ ክፍያ አንዳንድ ውል ቅጣት ስለሚያስቀምጥ ከማዛወራችሁ በፊት የቅድመ ክፍያ አንቀጹን እዩ፤ የእኔ ለኢንሹራንስ ተመላሽ አላስከፈለኝም።

የራሴን ዋስትና ለምን በጥሬ ገንዘብ ለውጬ ከብድሩ አላወጣሁም ትሉኝ ይሆናል። አስቤበት ነበር። ነገር ግን ነባሩ ተሰርዞ አዲስ ሲገባ የጤና መጠይቁ እንደገና ይሞላል፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት በመሃል ከመጣ አዲሱ ሊወደድ ወይም ሊከለከል ይችላል። በእጃችሁ ያለ የሕይወት ዋስትና ካለ አዲሱ ተፈርሞ እጃችሁ ሳይገባ አሮጌውን አትልቀቁ።

የሎው ካርዱ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ በገንዘብ ደረጃ ግን አሳዘነኝ። ካርዱን ራሱን፣ ዋናውን ወረቀት፣ መመለስ ግድ ነው፤ እጃችሁ ላይ እስካለ ድረስ ድንበር ላይ ስለሚሠራ ኢንሹራንሱ ኃላፊነቱ ላይ ነው። ከ7,200 ብሩ የተመለሰልኝ 2,520 ነው፣ ሰባት ወር ቀርቶት እያለ። ምክንያቱ ደንበኛው በራሱ ፈቃድ በመሃል ሲያቋርጥ በቀን ሳይሆን "የአጭር ጊዜ ታሪፍ" በሚሉት ስለሚሰላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ውድ ናቸው። ስለዚህ የዓመት ሽፋን ላይ ያለ ትርፍ ነገር ከሆነና ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ከቀሩት አትድከሙ፤ እድሳቱን ጠብቁ። ግን ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ባንኩ ብዙ ጊዜ ዓረቦኑን በቋሚ ትእዛዝ ከሂሳባችሁ ቆርጦ ስለሚያሳድስ፣ ከማብቂያው ቀን አንድ ወር ያህል ቀደም ብላችሁ "ያለ የሎው ካርድ ይታደስ" የሚል ደብዳቤ ለባንኩም ለኢንሹራንሱም ካላስገባችሁ ካምናው ዝርዝር ጋር ይታደሳል።

ኢንዶርስመንቱ ሲሰጣችሁ ከቢሮው ሳትወጡ አራት ነገር እዩ፤ የፖሊሲው ቁጥር የድሮው መሆኑን፣ የማብቂያው ቀን አለመለወጡን፣ የመኪናው የተሸፈነበት ዋጋ አለመነካቱን፣ የባንኩ ስም መኖሩን። የእኔን ያዘጋጀችው ልጅ ሥራ ለማቅለል ብላ አሮጌውን ሰርዛ አዲስ ፖሊሲ ልታወጣ ነበር። በወረቀት ላይ ተመሳሳይ ይመስላል። ነገር ግን አዲስ ፖሊሲ ሲሆን አደጋ ባለማድረስ የሚገኘው ቅናሽ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል፤ በሁለቱ መካከል አንዲት ሌሊት ክፍተት ከተፈጠረም ያቺ ሌሊት ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ያለ መኪና ያለ ዋስትና ነው።

ስለ ሜሴጁና ካርዱ ብዙ አልልም፤ ገንዘቡ ትንሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ የሂሳብ እንቅስቃሴ መልእክቱን ክፍያ ማስቆም ከፈለጋችሁ "ስልኬን ከሂሳቡ አውጡልኝ" አትበሉ። ሞባይል ባንኪንጉም፣ የማረጋገጫ ቁጥሩም የሚመጣው በዚያው በተመዘገበ ስልክ ነው፤ ስልኩ ከወጣ አፑም ይዘጋል። "የማሳወቂያ መልእክት አገልግሎቱ ብቻ ይቋረጥ፣ የተመዘገበው ስልክ ይቆይ" ብላችሁ አስጽፉ። እኔ በበኩሌ አላስቆምኩትም። 44,321ን ያየሁት በዚያ መልእክት ነው።

ድሬዳዋና ሐረር ላይ ብዙዎቻችን ከወለድ ነፃ በሆነው መስኮት ስለምንሠራ ስለ ሙራባሃም ልጨምር፤ ጎረቤቴ ባጃጅ የገዛው በእሱ ነው። እዚያ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ይሸጥላችኋል፤ የሽያጩ ዋጋ ከተፈረመ በኋላ አይለወጥም። ኢንሹራንሱ ወይም ሌላ ወጪ በመሸጫ ዋጋው ውስጥ ከገባ፣ እኔ እንዳደረግኩት በኋላ ነጥሎ አውጥቶ ስኬጁሉን ማስቀየር በጣም ይከብዳል። የሚሠራው ከመፈረም በፊት ነው፤ ባንኩ ዕቃውን የገዛበትን ዋጋ፣ የጨመረውን ወጪና ትርፉን ለየብቻ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። በሙራባሃ ወጪና ትርፍን ለገዢ ማሳወቅ የውሉ መሠረት ስለሆነ ጥያቄው ማንንም አያስቆጣም።

ቅርንጫፉ ደብዳቤያችሁን ይዞ ዝም ካለ፣ ቀጣዩ የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል ነው፤ እዚያም መልስ ካጣ ብሔራዊ ባንክ። ብሔራዊ ባንክ በ2020 (በእኛ በ2012/13) ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ባንኮችም ኢንሹራንሶችም ቅሬታ የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ ሁለቱንም የሚቆጣጠረው እሱው ነው። እኔ እስከዚያ አልሄድኩም፤ ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ ይዤ ሥራ አስኪያጁ ጋ መግባቴ በቃኝ። እስከዚያ የምትሄዱ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ያችው ኮፒ፣ ስኬጁሉና ዴቢት አድቫይሱ ናቸው።

ብድሩን ከጊዜው በፊት ዘግታችሁ ሊብሬያችሁን የምትወስዱ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ለሙሉ ዘመኑ የተከፈለ የሕይወት ዋስትና ካለ ያልተጠቀማችሁበት ድርሻ ይቀራል። ባንኩ የመያዣ ማስለቀቂያ ደብዳቤውን ሲጽፍላችሁ ለኢንሹራንሱም አንድ ግልባጭ ይጻፍልኝ በሉ፤ ተመላሹን የምትጠይቁት በእሱ ነው።